ባለ አንድ ኮከብ ሂስ፦ የምግብ ቤት ቅሬታ ከስም ማጥፋት የሚለይበት መስመር

መግቢያ

በአዲስ አበባ ልደታ፣ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ምድብ ችሎቶች በሚገኙበት አካባቢ፣ የምሳ ሰዓት ሲደርስ ምግብ ቤቶች በባለጉዳዮች፣ በጠበቆችና በጽሕፈት አገልግሎት ሠራተኞች ይሞላሉ። ከእነዚህ ተመጋቢዎች አንዱ ባገኘው መስተንግዶ ቢያዝን ስልኩን አውጥቶ ለቤቱ አንድ ኮከብ ይሰጣል፤ ከኮከቡም ሥር ሦስት አራት መስመር ይጽፋል። ይህን ለማድረግ ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅበትም። በእነዚያ መስመሮች ውስጥ ግን ከመንገዱ ማዶ ባለው ችሎት ሊያስከስስ የሚችል ቃል ሊኖር ይችላል።

ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ያን ቃል ነው። ጥያቄው መጥፎ ሂስ መጻፍ ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም የሚል አይደለም፤ መፈቀዱ ግልጽ ነው። ጥያቄው ሁለት ሰዎች ስለ አንድ መጥፎ ምሳ ጽፈው የአንዱ ጽሑፍ ቅሬታ፣ የሌላው ደግሞ ስም ማጥፋት የሚሆነው በምን ምክንያት ነው የሚል ነው። የጽሑፉ መከራከሪያም የሚከተለው ነው፦ መስመሩ የሚሰመረው በቃላቱ ምሬት ሳይሆን፣ ጸሐፊው ባየው፣ በፈረደውና በገመተው መካከል በሚያደርገው ልዩነት ነው። ልዩነቱን የጠበቀ ሂስ ምንም ያህል መራራ ቢሆን ሊቆም ይችላል፤ ያልጠበቀው ግን ለስለስ ብሎ ቢጻፍም ይወድቃል።

ሕጉ የማስረዳት ሸክሙን የሚያስቀምጠው የት ነው?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ስም ማጥፋት የሚደነግገው ከአንቀጽ 2044 ጀምሮ ነው። በዚህ አንቀጽ መሠረት አንድ ሰው በንግግር፣ በጽሑፍ ወይም በሌላ መንገድ በሕይወት ያለን ሌላ ሰው እንዲጠላ፣ እንዲናቅ ወይም መሳለቂያ እንዲሆን በማድረግ መታመኑን፣ መልካም ስሙን ወይም የወደፊት ዕድሉን አደጋ ላይ ቢጥል ጥፋተኛ ይሆናል። ቀጣዩ አንቀጽ 2045 ደግሞ የመጉዳት ሐሳብ አለመኖሩ ብቻውን ከኃላፊነት እንደማያድን ይገልጻል። ስለዚህ «ማንንም ለመጉዳት ብዬ አልጻፍኩም» የሚለው የተለመደ መልስ በራሱ መከላከያ አይሆንም።

ሕጉ «በሕይወት ያለ ሰው» ሲል ምግብ ቤት ሰው አይደለም ብሎ የሚጽናና ተቺ ይኖር ይሆናል። በእኛ ከተማ ግን ብዙ ምግብ ቤቶች በአንድ ግለሰብ የንግድ ፈቃድ የሚሠሩ ናቸው፤ ደንበኛም ቤቱን በባለቤቷ ወይም በባለቤቱ ስም ይጠራዋል። «እዚያ ቤት ያጭበረብራሉ» ሲባል ሰፈሩ የሚያስበው ስለ አንድ የታወቀ ሰው ነው። ቤቱና ሰውየው በአንባቢ አእምሮ ከተዋሐዱ፣ በቤቱ ላይ የተጻፈው በሰውየው ላይ እንደተጻፈ ሊቆጠር ይችላል።

ለሂስ ጸሐፊ ዋናዎቹ አንቀጾች የሚከተሉት ሁለቱ ናቸው። አንቀጽ 2046 በሕዝብ ጥቅም ጉዳይ ላይ ስለሚሰጥ አስተያየት ይናገራል፤ እንዲህ ያለው አስተያየት ሌላውን ሰው በሕዝብ ዘንድ የሚያስነቅፍ ቢሆን እንኳ፣ ተናጋሪው ሐሰት መሆኑን በእርግጥ እያወቀ መናገሩ ካልተረጋገጠ በቀር ጥፋት አይሆንም። አንቀጽ 2047 ደግሞ ስለ እውነትነት ይናገራል፤ የተናገረው ነገር እውነት መሆኑን ያስረዳ ሰው ከኃላፊነት ነጻ ይሆናል፤ ይሁንና ሐሳቡ ለመጉዳት ብቻ ከነበረ እውነቱም አያድነውም።

ሁለቱ አንቀጾች የማስረዳት ሸክሙን በተለያየ ትከሻ ላይ እንደሚያስቀምጡ ልብ ይሏል። ጸሐፊው በ2046 ጥላ ሥር ከሆነ፣ ውሸት መሆኑን እያወቀ ጻፈ ብሎ ማስረዳት የሚጠበቅበት ከሳሹ ነው፤ ይህም ከባድ ሥራ ነው። በ2047 ላይ የቆመ ጸሐፊ ግን የጻፈው እውነት መሆኑን ራሱ ማስረዳት አለበት። በዚህ ምክንያት «ሽሮው ለእኔ ጨው በዝቶበታል» ያለ ሰውና «ሽሮው ውስጥ ቅቤ ጨምረዋል» ያለ ሰው በአንድ ወንበር ላይ አልተቀመጡም። የመጀመሪያው ፍርዱን ተናግሯል፤ ሁለተኛው ድርጊት ተናግሯል፤ ከተከሰሰም ድርጊቱን የማስረዳት ግዴታ አለበት።

የሕዝብ ጥቅም የሚለው ሐረግ ግን ለማንኛውም ቁጣ የሚዘረጋ ጥላ አይደለም። ዋጋ፣ ንጽሕና፣ የጾም ምግብ አሠራርና የመስተንግዶ ፍጥነት ነገ ወደዚያ ቤት የሚገባውን ማንኛውንም ደንበኛ ይመለከታሉ። ከአስተናጋጁ ጋር የተደረገ የግል ጠብ ወይም ስለ ባለቤቱ የቤተሰብ ኑሮ የተሰማ ወሬ ግን ቀጣዩን ተመጋቢ አይመለከተውም። ሂሱ ከሕዝብ ጥቅም ጥላ ሥር መሆኑን የሚያሳየው ይዘቱ ራሱ ነው።

ከፍትሐ ብሔሩ ኃላፊነት ሌላ የወንጀል ገጽታም አለ። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ስም ማጥፋትን ይቀጣል። ሂሱ በስልክ ወይም በኮምፒውተር የሚሰራጭ ከሆነ ደግሞ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 13 ይመጣል፤ በዚህ አንቀጽ መሠረት የሌላውን ሰው ክብር ወይም መልካም ስም የሚያጎድፍ ጽሑፍ በኮምፒውተር ሥርዓት ያሰራጨ ሰው፣ በተጎጂው አቤቱታ አቅራቢነት፣ እስከ ሦስት ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ወይም እስከ 30,000 ብር በሚደርስ መቀጮ ወይም በሁለቱም ሊቀጣ ይችላል። አንዲት የተናደደች መስመር የምታስከትለው ዕዳ ከአንድ ምሳ ዋጋ እጅግ የራቀ ነው።

የታየ፣ የተፈረደና የተገመተ

በምግብ ቤት ሂስ ውስጥ የሚገኙ ዐረፍተ ነገሮች በሦስት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ጸሐፊው በዓይኑ ያየውን፣ በሰዓቱ የለካውን ወይም በደረሰኙ ላይ ያነበበውን የሚናገር ነው፤ ይህ የታየ ነው። ሁለተኛው ያንኑ መሠረት አድርጎ የሚሰጠው ፍርድ ነው፤ ጣዕም፣ ቅር መሰኘት፣ «ዋጋው አይገባውም» ማለት እዚህ ይመደባሉ። ሦስተኛው ጸሐፊው ያላየውን፣ ነገር ግን ካየው ተነሥቶ የደመደመውን የሚናገር ነው፤ ስለ ሰዎች ሐሳብ፣ ስለማይታየው ወጥ ቤት፣ ስለ ሕመም መንስኤና ስለ ልማድ የሚነገረው ሁሉ እዚህ ይገባል። ክስ በብዛት የሚበቅለው ከሦስተኛው ነው።

በፍርድና በድርጊት መካከል ያለው ድንበር ምን ያህል እንደሚያከራክር የሚያሳይ የታወቀ ጉዳይ በሰሜን አየርላንድ ተከስቷል። በ2000 እ.ኤ.አ. በቤልፋስት የሚታተመው አይሪሽ ኒውስ ጋዜጣ ጉድፌላስ ስለተባለ ምግብ ቤት ሂስ አወጣ። ሃያሲዋ ምግቡን፣ መጠጡን፣ ሠራተኞቹንና በጢስ የተሞላውን አየር ነቅፋ ከአምስት አንድ ሰጠችው። ባለቤቱ ከሰሰ፤ በ2007 የዳኝነት ጉባኤ 25,000 ፓውንድ ካሳ ፈረደለት። በመጋቢት 2008 ግን የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ውሳኔውን ሻረው። ምክንያቱም ጉባኤው የሂሱ ዐረፍተ ነገሮች የትኞቹ ድርጊት፣ የትኞቹ አስተያየት እንደሆኑ እንዴት እንደሚለይ በሚገባ አልተመራም የሚል ነበር። የሕግ ሥርዓታቸው ከእኛ የተለየ ቢሆንም ጉዳዩ አንድ ነገር ያስተምራል፤ ጸሐፊው ራሱ ያልለየውን ነገር ሌሎች በፍርድ ቤት ለመለየት ዓመታት ሊፈጅባቸው ይችላል።

የረቡዕ ምሳ

ለማስረዳት የተቀናበረ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ሁለት ሰዎች ረቡዕ ቀን በልደታ አካባቢ ባለ ምግብ ቤት የጾም በየዓይነቱ ያዝዛሉ። ምግቡ ይዘገያል፤ ሽሮው ቀዝቃዛ ነው፤ የቅቤ ሽታም ያለው ይመስላል። በእጅ መታጠቢያው ውሃም ሳሙናም የለም። በሜኑ ላይ ካዩት የሚበልጥ ሂሳብ ይቀርብላቸዋል። ከሁለቱ አንዱ ማታ ሆዱን ያመዋል፤ በዚያው ሌሊትም አንድ ኮከብ ሰጥቶ የሚከተለውን ይጽፋል፦

«ሌቦች ናቸው። በጾም ቀን ቅቤ ያበላሉ። ወጥ ቤታቸው ቆሻሻ ነው። በልቼ ማታውኑ ታመምኩ፤ መርዘውኛል። ሽሮው አይጥምም። አስተናጋጆቹ ሁልጊዜ ሰው ይንቃሉ።»

«ሌቦች ናቸው» ከሚለው እንጀምር። ሁለት በየዓይነቱ በ350 ብር 700 ብር፣ ሁለት ውሃ በ50 ብር 100 ብር፣ በድምሩ በሜኑው ዋጋ 800 ብር ነው። በዚህ ላይ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ሲጨመር 880 ብር ይሆናል። በ880 ብሩ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ማለትም 132 ብር፣ ሲታሰብ የሚከፈለው 1,012 ብር ነው። ደንበኛው ከጠበቀው 212 ብር በለጠ። ጭማሪው በሜኑው የመጨረሻ ገጽ በደቃቅ ፊደል ተጽፎ ከሆነ ግን ስርቆት አይባልም፤ ሊባል የሚችለው «ስናዝዝ አላየነውም፤ የነገረንም የለም» ነው። «ሌባ» የሚለው ቃል ወንጀል ሠርተሃል ማለት ነው፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉም በአንቀጽ 2109 የኅሊና ጉዳት ካሳ ከሚያስከትሉት ንግግሮች መካከል የሚቆጥረው ሌላውን በወንጀል ሥራ መወንጀልን፣ በሙያውም ችሎታ ወይም ታማኝነት የለውም ማለትን ነው። ደንበኛው በእጁ የያዘው ደረሰኝ 1,012 ብር መክፈሉን ያስረዳል፤ መሰረቁን አያስረዳም። ንግድ ቤቶች ዋጋቸውን ለሸማቹ በግልጽ እንዲያሳዩ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ያዛል፤ በዚህ ጉዳይ አዋጁ ተጥሷል ወይስ አልተጣሰም የሚለውን መወሰን ግን የተቆጣጣሪው አካል ሥራ ነው። ሂስ ጸሐፊው ቁጥሮቹን ካስቀመጠ አንባቢ ራሱ ይፈርዳል።

«በጾም ቀን ቅቤ ያበላሉ» የሚለው በእኛ ኅብረተሰብ ዘንድ ከስርቆት ክስ የማይተናነስ ነው። የጾመኛን እምነት ሆን ብሎ ማቃለል ማለት ስለሆነ፣ የቤቱን የረቡዕና የዓርብ ገበያ በአንድ ቀን ሊያጠፋ ይችላል። ማስረጃው ግን አፍንጫ ብቻ ነው። የቅቤ ሽታ ከሌላ ድስት፣ ከጋራ ጭልፋ ወይም ቀድሞ በአዳራሹ ከቀረበ ክትፎ ሊመጣ ይችላል፤ በቅመም የበለጸገ ሽሮም ቀማሽን ያሳስታል። ጸሐፊው ያየው ሁለት ነገር ነው፤ ሽታ መስሎታል፤ ጠይቆም መልስ አላገኘም። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይልቅ ጠንካራ ነው። ለጾመኛ ደንበኛ ግልጽ መልስ የማይሰጥ ቤት፣ ቅቤ ቢጨምርም ባይጨምርም፣ ሊነቀፍ ይገባዋል።

«ወጥ ቤታቸው ቆሻሻ ነው» ያለው ሰው ወጥ ቤቱን አላየም። ያየው የእጅ መታጠቢያውን ነው። ወደማይታየው ክፍል መሻገሩ የታየውን እውነት ያዳክምበታል፤ ባለቤቱ ንጹሕ ወጥ ቤቱን በፎቶግራፍ ካሳየ፣ ውሃና ሳሙና ያልነበረው መታጠቢያም አብሮ ይረሳል።

«መርዘውኛል» የሚለው ከሁሉ የከፋ ነው። ሰው ሲታመም የመጨረሻውን ምግብ መጠርጠሩ የተፈጥሮ ነው፤ የምግብ ወለድ በሽታዎች ግን ሁሉም በአንድ ፍጥነት አይታዩም። ስታፊሎኮከስ የሚያመነጨው መርዝ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ያስመልሳል፤ ሳልሞኔላ ግን ከስድስት ሰዓት እስከ ስድስት ቀን ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ የረቡዕ ማታ ሕመም መነሻው የሰኞ ራት ሊሆን ይችላል። ምንጩን በልበ ሙሉነት ለመናገር የላቦራቶሪ ምርመራ ወይም ከዚያው ምግብ የበሉ ሌሎች ሰዎች መታመማቸው ያስፈልጋል፤ በምሳሌያችን ግን ከአንድ ማዕድ ከበሉት ሁለቱ የታመመው አንዱ ብቻ ነው። እንዲህ ያለው ጥርጣሬ ተገቢው ቦታ የሐኪም ክፍልና የከተማው የምግብ ተቆጣጣሪ አካል ነው። እነርሱ ናሙና መውሰድና ወጥ ቤት መግባት ይችላሉ፤ ሂስ አይችልም።

«ሽሮው አይጥምም» ንጹሕ ፍርድ ነው፤ ከስድስቱ ክሶች ያለ ሥጋት የሚቆመው ይህ ብቻ ነው። አሳዛኙ ነገር ለአንባቢ ከሁሉ ያነሰ ጥቅም የሚሰጠውም እርሱ መሆኑ ነው፤ ምን እንዳልጣመ አልተነገረምና። በመጨረሻም «ሁልጊዜ» የሚለው ቃል አንዱን ጉብኝት ወደ ልማድ ይለውጠዋል። አንድ ቀን የሄደ ሰው ስለ አንድ ቀን ብቻ ምስክር ነው።

እንደገና የተጻፈው ሂስ

ያው ሰው፣ ያው ምሳ፣ ያው አንድ ኮከብ። የሚከተለው ጽሑፍ ምሬቱን ሳይቀንስ መሠረቱን ይለውጣል፦

«አንድ ኮከብ። ረቡዕ ጥቅምት 5 ቀን 2018 ዓ.ም. ሁለት ሆነን ለምሳ ሄድን፤ ወደዚህ ቤት ስንመጣ የመጀመሪያችን ነው። ከቀኑ 7፡10 ላይ ሁለት የጾም በየዓይነቱ አዘዝን፤ የቀረበልን 8፡05 ላይ ነው። እንጀራው ትኩስና ጥሩ ነበር። ሽሮው ቀዝቃዛ ነበር፤ ለእኔ ጨውም በዝቶበታል። የቅቤ ሽታ ያለው ስለመሰለኝ በዘይት ተሠርቶ እንደሆነ አስተናጋጁን ጠየቅሁት። ‹ጠይቄ እመጣለሁ› ብሎ ሄደ፤ እስክንወጣ መልስ አላገኘንም። ቅቤ መግባቱን አላረጋገጥኩም፤ እርግጠኛ መሆን ባለመቻሌ ግን ሳልጨርሰው ተውኩት። በእጅ መታጠቢያው ውሃም ሳሙናም አልነበረም። በሜኑ ዋጋ 800 ብር የሆነው ምግብ ከአገልግሎት ክፍያና ከታክስ ጋር 1,012 ብር አስከፈለን፤ ጭማሪው በመጨረሻው ገጽ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል፤ ስናዝዝ አላየነውም። ለኃላፊዋ ስንነግራቸው ስለ መዘግየቱ ይቅርታ ጠየቁን፤ ስለ ሽሮው ግን መልስ አልሰጡንም። አንድ ኮከብ የሰጠሁት ከሁሉ በላይ በዚህ ነው፤ ጾመኛ ስለሚበላው ሲጠይቅ መልስ ማግኘት አለበት ብዬ አምናለሁ።»

እዚህ ላይ «ሌባ» የሚል የለም፤ ቁጥሩ ግን አለ። «መረዙኝ» የሚል የለም፤ ምክንያቱም ጸሐፊው አያውቅም። ስለ ቅቤው የተጻፈው ጥንቃቄ በተለይ ሊታይ ይገባል። «ይመስለኛል» ወይም «ሰዎች ይላሉ» ማለት ክስን ወደ አስተያየት አይለውጥም፤ ዳኛ የሚመለከተው አንባቢ ምን ይረዳል የሚለውን ነው። ጸሐፊውን የሚረዳው «መሰለኝ» ማለቱ ሳይሆን፣ ጥርጣሬው ከምን እንደተነሣ ማሳየቱና እንዳላረጋገጠ በግልጽ መናገሩ ነው። አንባቢ ከዚህ ተነሥቶ ሌላ ድምዳሜ ላይ ሊደርስ ይችላል፤ በሩ አልተዘጋበትም።

«ማንም እንዳይሄድ» የሚል ርእስም አልተሰጠውም። በ2014 እ.ኤ.አ. በቦርዶ የሚገኝ የፈረንሳይ ፍርድ ቤት፣ በካፕ ፌሬ ስላለ አንድ ምግብ ቤት የጻፈችን ሃያሲት 1,500 ዩሮ ካሳ እንድትከፍልና ርእሷን እንድትለውጥ አዝዟል። ርእሱ ቤቱን በስሙ ጠርቶ ሊሸሹት የሚገባ ቦታ መሆኑን የሚገልጽ ነበር፤ የቤቱን ስም በበይነ መረብ ለሚፈልግ ሰውም ጎልቶ ይታይ ነበር። ውሳኔው ብዙ ትችት ያስነሣ ቢሆንም፣ ሙሉውን ጽሑፍ የማያነብ ሰው ከርእሱ ብቻ ፍርድ እንደሚወስድ ያስታውሳል። ዝርዝሩ በጽሑፉ ውስጥ ያለው ሚዛን ርእሱ ላይም መገኘት አለበት።

ሚዛናዊነት ከጨዋነት በላይ ነው

በተሻሻለው ሂስ ውስጥ እንጀራው መመስገኑ፣ ጉብኝቱ የመጀመሪያ መሆኑ መገለጹና የኃላፊዋ ይቅርታ መጠቀሱ ለጨዋነት ብቻ የገቡ ሊመስሉ ይችላሉ። በእኛ ሕግ ግን የራሳቸው ክብደት አላቸው። ከላይ እንደተገለጸው በአንቀጽ 2047 መሠረት ለመጉዳት ብቻ የተነገረ እውነት ጥበቃ ያጣል። ስለዚህ ከሳሹ የተጻፈው ሁሉ እውነት መሆኑን አምኖ እንኳ «ዓላማው እኔን ማጥፋት ነበር» ብሎ ሊከራከር ይችላል። የዚህ ክርክር መልስ የሚገኘው ከጽሑፉ ውስጥ ነው። መልካሙን ያልደበቀ፣ ቅሬታውን አስቀድሞ ለቤቱ የተናገረና የቤቱን መልስ የመዘገበ ጸሐፊ ሊጎዳ ብቻ ጻፈ ለማለት ያስቸግራል።

የዚህ ተቃራኒም አለ። «ገንዘቤን ካልመለሳችሁ አንድ ኮከብ እሰጣችኋለሁ» ብሎ በመልእክት የጻፈ ሰው፣ በኋላ እውነቱን ብቻ ቢጽፍም፣ መልእክቱ የሐሳቡ ማስረጃ ይሆንበታል፤ ማስፈራሪያው በራሱም በወንጀል ሊያስጠይቅ ይችላል። ጸሐፊው ወይም የቅርብ ዘመዱ በዚያው ሰፈር ሌላ ምግብ ቤት ካለውም ነገሩ ከሸማች ቅሬታ ወደ ተገቢ ያልሆነ የንግድ ውድድር ሊሸጋገር ስለሚችል፣ አለመጻፉ ይመረጣል። በተጨማሪም አስተናጋጁን በስም መጥራት ወይም ፎቶግራፉን ማውጣት ለአንባቢ የሚጨምርለት ነገር የለም። የተነቀፈው ቤት ነው፤ ወርኃዊ ደመወዝተኛውን በአደባባይ ማቆም ሌላ ከሳሽ መጨመር ነው።

የማስረጃው ነገር ቀላል ቢመስልም ብዙዎች የሚወድቁበት ነው። ከሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ የሚወጣው ደረሰኝ በሙቀት የሚታተም በመሆኑ በጥቂት ወራት ውስጥ ይደበዝዛል። ከውል ውጭ በሚደርስ ጉዳት የካሳ ክስ በመሠረቱ ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ ሊቀርብ ስለሚችል፣ ባዶ ወረቀት ይዞ ችሎት መቆም ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ደረሰኙንና የሜኑውን ገጾች በዚያው ቀን ፎቶግራፍ ማንሣት፣ የተነሡበት ሰዓት የተመዘገበበትን ዋናውን ፋይል ማስቀመጥ፣ አብሮ የበላውም ሰው ያየውን ለብቻው እንዲጽፍ ማድረግ ይበጃል። ለሂሱ የሚያገለግለው መመዘኛ ከዚሁ ይገኛል፤ እያንዳንዱን የታየ ነገር የሚናገር ዐረፍተ ነገር አንብቦ «ይህን በምን አስረዳለሁ?» ብሎ መጠየቅ ነው። መልስ ያልተገኘለት ዐረፍተ ነገር ወይ ይወጣል፣ ወይ ወደታየው ልክ ይጠባል።

ሂሱ ከወጣ በኋላም ኃላፊነቱ አያበቃም። ባለቤቱ አንድ ዝርዝር ስሕተት መሆኑን በማስረጃ ካሳየ፣ ለምሳሌ የታክሱ ማስታወቂያ በመጀመሪያው ገጽም እንዳለ ቢያረጋግጥ፣ ወዲያውኑ ማረምና መታረሙን በጽሑፉ ላይ ማመልከት ይገባል። ስሕተቱን ከተነገረው በኋላ ሳያርም የሚተው ጸሐፊ «ሐሰት መሆኑን አላውቅም ነበር» የሚለውን መከላከያ ከዚያች ቀን ጀምሮ ራሱ እያፈረሰው ይሄዳል።

ማጠቃለያ

በጥንቃቄ የተጻፈ ሂስም ከክስ ፈጽሞ አያድንም። ማንም ሰው ክስ ማቅረብ ይችላል፤ የረታ ተከሳሽም ቢሆን ጊዜና የጠበቃ ወጪ ማውጣቱ አይቀርም። ከላይ የተገለጸው አጻጻፍ የሚለውጠው ክሱ ሲቀርብ የሚጠየቀውን ጥያቄ ነው። በመጀመሪያው ረቂቅ ተከሳሹ ስርቆትን፣ መመረዝንና ያላየውን ወጥ ቤት ማስረዳት ይጠበቅበት ነበር። በሁለተኛው የሚጠበቅበት 7፡10ን፣ 8፡05ንና 1,012 ብርን ማስረዳት ነው፤ እነርሱም በእጁ አሉ። የቀረውን፣ ማለትም ይህ ምሳ አንድ ኮከብ ብቻ ይገባዋል የሚለውን፣ ሐሰት መሆኑን እያወቀ ጻፈው ብሎ ማስረዳት የከሳሹ ዕዳ ይሆናል።